የ96,000 ብሩ ኦቨን ዋጋውን የሚመልሰው ስንት ኬክ ሲሸጥ ነው?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ቤቴ ሆኜ ኬክ እየጋገርኩ በትዕዛዝ እሸጣለሁ። ያለኝ ትንሽ ኦቨን በአንድ ጊዜ አንድ ኬክ ብቻ ነው የሚይዘው፣ አንዳንዴም ታቹን ያሳርርብኛል። በዓልና የሠርግ ወቅት ሲደርስ ሰው እመልሳለሁ። አሁን 96,000 ብር የሚሸጥ ትልቅ ኦቨን አይቻለሁ። አንድ ኪሎ ኬክ በ1,600 ብር ስለምሸጥ 60 ኬክ ስሸጥ ዋጋው ይመለሳል፤ በወር 24 ኬክ ስለምሸጥ ደግሞ በሁለት ወር ተኩል ማለት ነው። ሒሳቤ ልክ ነው?»

ልክ አይደለም። 60 ኬክ ሲሸጥ 96,000 ብር እጅዎ ይገባል፣ ግን ሁሉም ብር የእርስዎ አይደለም፤ ከፊሉ የእንቁላል፣ የክሬምና የካርቶን ሻጩ ነው። ኦቨኑን የሚከፍለው የኬኩ ዋጋ ሳይሆን ኬኩን ለመሥራት የወጣው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ነው። ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይከብዳል። አሁን የሚሸጧቸው 24 ኬኮች ያለ አዲሱ ኦቨንም ይሸጡ ነበርና ለእሱ መመለሻ ሊቆጠሩ አይችሉም። ሁለቱን በየተራ እንያቸው።

መጀመሪያ ከአንድ ኬክ የሚተርፈውን እናስላ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት የያዝኳቸው ስለሆኑ ባለፈው ሳምንት በገዙበት ይተኳቸው፤ መጠኖቹን ግን እንዳሉ መጠቀም ይችላሉ። ተሠርቶ ሲያልቅ አንድ ኪሎ የሚመዝን ባለ ክሬም ኬክ ስፖንጁ 400 ግራም አካባቢ ነው። ለዚህ 4 እንቁላል፣ 120 ግራም ስኳርና 120 ግራም ዱቄት ይበቃል። የቀረውን ክብደት የሚሞሉት ማርጠቢያው ሽሮፕ፣ ክሬሙና በመሐል የሚገባው ማርማላታ ወይም ቸኮሌት ናቸው። እንቁላሉን በ20 ብር ሒሳብ 80 ብር፣ የሽሮፑን ጨምሮ ስኳሩን 27፣ ዱቄቱን 15፣ ክሬሙን 300፣ መሐል የሚገባውንና ማስጌጫውን 90፣ ቫኒላ፣ ቤኪንግ ፓውደርና ወረቀት ደግሞ 18 ብር ብንል 530 ብር ይሆናል። ካርቶንና ከሥር የሚቀመጠው ሰሌዳ 120 ብር ሲጨመር 650 ደረሰ። የመብራት 15፣ ለብልሽት ደግሞ 35 ብር ይያዙ። ብልሽት የምለው የተቃጠለውን ብቻ አይደለም፤ ተርፎ የሚደፋው ክሬም፣ በመንገድ የሚሰበረው እንቁላል፣ ጽሑፉ ተሳስቶ በቅናሽ የሚሸጠው ኬክም እዚህ ውስጥ ይገባል። ድምሩ 700 ብር ነው። ማድረሻውን ደንበኛው ይከፍላል ብዬ ነው የተውኩት፤ እርስዎ የሚከፍሉ ከሆነ እሱም ይጨመር።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ የሚዘለው አንድ ወጪ አለ፤ የራሱ ጉልበት። ከመምታት እስከ ማስጌጥና ዕቃ ማጠብ አንድ ኬክ ሁለት ሰዓት ተኩል እጅ ይይዛል እንበል። በሰዓት 80 ብር ቢታሰብ 200 ብር ነው። ይህን ብር ለራስዎ ላይከፍሉ ይችላሉ። ነገር ግን ትዕዛዙ ሲበዛ ረዳት መቅጠር አይቀርም፤ ያኔ እስካሁን ትርፍ መስሎ የታየዎት ብር ደመወዝ እንደነበር ይታወቃል። ስለዚህ ጉልበትን ጨምሮ የኬኩ ወጪ 900፣ ለኦቨኑ የሚተርፈው ደግሞ 700 ብር ነው። ጉልበቱን ካልቆጠሩት የሚተርፈው 900 ይሆናል። እኔ የምሠራው በ700 ነው። 900ው የሚያስፈልገን በኋላ ስለ እቁብ ስናነሳ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የኦቨኑ ዋጋ። ሻጩ የነገረዎት 96,000 ብር ቫትን ይጨምራል ወይ? ካልጨመረ 15 በመቶው ብቻ 14,400 ብር ነው። ይህን ሳይጠይቁ ወደ ስሌት አይግቡ። እኔ ይጨምራል ብዬ ልቀጥል። ከዚያ የጭነትና የወዛደር 2,500፣ የተጨማሪ መጋገሪያዎችና የማቀዝቀዣ መደርደሪያ 6,000፣ የኤሌክትሪክ መስመር 9,500 ብር ቢያዝ ጠቅላላው 114,000 ይመጣል። አሮጌውን ኦቨን በ9,000 ብር ቢሸጡት የሚመለሰው ገንዘብ 105,000 ብር ነው። ይህ ለ700 ሲካፈል 150 ኬክ ይሰጣል። ጉልበትዎን በነጻ ቢቆጥሩት እንኳ 117 ኬክ ነው። 60 በየትኛውም መንገድ አይወጣም።

የኤሌክትሪኩ መስመር የተጋነነ እንዳይመስልዎ። በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ኦቨን 4.5 ኪሎዋት ቢሆን በ220 ቮልት ከ20 አምፔር በላይ ይስባል፤ የግድግዳው ሶኬት ደግሞ የሚችለው 16 ነው። ሶኬት ላይ ቢሰኩት መጀመሪያ መሰኪያው ይሞቃል፣ ቀጥሎ የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው አደጋ ነው። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሚነሳ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ የ25 ወይም የ32 አምፔር ብሬከርና በትክክል የሚሠራ የመሬት መስመር ያስፈልገዋል። ኦቨኑ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። የቤትዎ ቆጣሪ ባለ አንድ ፌዝ ከሆነ ከኤሌክትሪክ አገልግሎት አዲስ ኃይል መጠየቅ አለብዎት፤ ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ያለ አከራይ ፈቃድ አይሆንም። በጋራ ቆጣሪ የሚኖሩ ከሆነም ያስቡበት። ታሪፉ በፍጆታ እርከን ስለሚጨምር የእርስዎ ኦቨን የግቢውን ሁሉ ቢል ወደ ላይኛው እርከን ሊገፋው ይችላል፤ ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ መነጋገር ከጭቅጭቅ ያድናል።

አሁን ወደ ከባዱ ስሕተት እንምጣ። 150ው ኬክ በወር 24 ከሚሸጡት የሚቆጠር አይደለም፤ ከ24ቱ በላይ የሚሸጡት ነው። አዲሱ ኦቨን ከገባ በኋላ ሽያጩ 24 ላይ ከቆመ ያመጣው አዲስ ገቢ የለምና በሽያጭ ዋጋውን መቼም አይመልስም። ወደ 34 ከፍ ካለ ተጨማሪው 10 ኬክ በወር 7,000 ብር ያስገባል፣ መመለሻውም 15 ወር ይሆናል። ከሁለት ወር ተኩል ጋር ያስተያዩት።

«ማሳረሩን ስለሚያቆምልኝ ያ ቁጠባ አይቆጠርም?» ካሉ ይቆጠራል፣ ግን ትንሽ ነው። ስፖንጅ ታቹ ሲያር የሚጠፋው እንቁላሉ፣ ስኳሩ፣ ዱቄቱና ወረቀቱ ነው፤ ክሬሙና ካርቶኑ ገና አልተነኩም። ከላይ በያዝነው ዋጋ ይህ ከ130 ብር ብዙም አያልፍም። በወር ሁለት ቢበላሽብዎት 260 ብር ነው። ለዚህ ብቻ ከሆነ ከመቶ ሺህ ብር በፊት የሚሞከር ርካሽ መፍትሔ አለ። በኦቨን ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ይግዙ፤ በትንንሽ ኦቨኖች ላይ መክፈቻው የሚያሳየው ዲግሪና ውስጥ ያለው ሙቀት ብዙ ጊዜ አይገናኙም። መጋገሪያውንም አንድ እርከን ከፍ አድርገው ከሥሩ ሁለተኛ ትሪ ይደርቡ፤ የታችኛው ሽቦ ሙቀት በቀጥታ እንዳይመታው ይከላከላል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ትዕዛዝ የሚያስመልስዎ በእርግጥ ኦቨኑ ነው? ቅዳሜ ስድስት ኬክ ማድረስ አለብዎት እንበል። የ20 ሴንቲሜትር ስፖንጅ በ170 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይፈልጋል። ማስገባትና ማውጣቱን ጨምሮ 45 ደቂቃ ቢያዝ ስድስቱ በአሮጌው ኦቨን አንድ በአንድ አራት ሰዓት ተኩል ይወስዳሉ። ያውም አንዱ ሲበስል የሌላውን ክሬም እየመቱ። ማስጌጡ ግን በኬክ አንድ ሰዓት ቢሆን ስድስት ሰዓት ነው፣ ይህን ደግሞ የትኛውም ኦቨን አያሳጥረውም። ስፖንጅ ዋዜማውን ተጋግሮ፣ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቢያድር ፍርፋሪው ቀንሶ ለመቁረጥ እንዲያውም ይመቻል። ስለዚህ ሐሙስና ዓርብ ማታ የሚጋግር ሰው ቅዳሜ ኦቨን አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው ፍሪጅ ነው። የአንድ ኪሎ ኬክ ካርቶን ጎኑ 26 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በተራ የቤት ፍሪጅ አንድ መደርደሪያ ላይ ቢበዛ ሁለት ነው የሚገባው። የምግብ ቦታ ሲቀነስ አራት ኬክ ላይ ይሞላል። አምስተኛው ክሬሙ እየላላ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ቤት አዲስ ኦቨን ማስገባት ማስቀመጫ ያጡ ኬኮችን ከማብዛት ሌላ የሚፈይደው የለም፤ ብሩ መሄድ ያለበት ሁለተኛ ፍሪጅ ላይ ነበር።

ሻጭ «ስምንት ኬክ ባንዴ ይጋግራል» ሲልም ሜትር ይዘው ይሂዱ። 40 በ60 ሴንቲሜትር ትሪ ላይ በወረቀት ስሌት ስድስት ባለ 20 ሴንቲሜትር መጋገሪያ ይደረደራል። ግን ጎን ለጎን ተጣብቀው ሙቅ አየር በመሐላቸው ካላለፈ የተነካኩበት ጎን ሳይበስል የውጩ ይደርቃል። ክፍተት ሲተው ሁለት፣ በዚግዛግ ቢቀመጡ ሦስት ነው። ሁለት ትሪ ደርበው ከሆነና ኦቨኑ ፋን ከሌለው የላይኛውና የታችኛው እኩል አይበስሉም። መሐል ላይ ከፍተው ቦታ ሊያለዋውጧቸው ቢሞክሩ በእንቁላል ብቻ የተነፋ ስፖንጅ ይረግባል። ስለዚህ ስምንት ሲሉዎት አራት ብለው ያስሉ።

ተጨማሪው 10 ኬክ በየወሩ እኩል እንደማይመጣም ልብ ይበሉ። የኬክ ገበያ ከጾም ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና፣ ፍልሰታ በነሐሴ ሁለት ሳምንት አለ። በተቃራኒው ጥር፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ የምርቃት ጊዜና መስከረም ስልክዎ አያርፍም። በስምንት ወር 14፣ በአራት ወር ደግሞ 2 ተጨማሪ ኬክ ቢሸጡ የዓመቱ ድምር 120፣ አማካዩም 10 ነው። ግን በየካቲት የገዛ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ኦቨኑን እያየው ያሳልፋል። በታኅሣሥ አጋማሽ የገዛ ግን ለገናና ለጥር ይደርሳል። ደንበኞችዎ በአብዛኛው የማይጾሙ ከሆኑ ይህ ልዩነት ይጠባል። የጾም ኬክ የሚሠሩ ከሆነም ትርፉን ለብቻው ያስሉት፤ እንቁላል ስለሌለው ወጪውም ዋጋውም ይለያል። በነገራችን ላይ «የአትክልት» ተብለው ከሚሸጡት ዊፒንግ ክሬሞች አንዳንዶቹ ሶዲየም ኬዚኔት የሚባል የወተት ፕሮቲን አለባቸው። ለጾም ብለው ከመሸጥዎ በፊት ከጀርባ ያለውን ዝርዝር ያንብቡ።

150 የሚለው ቁጥርም የቆመ አይደለም። ከፋሲካ በፊት እንቁላል ከ20 ወደ 26 ብር ቢወጣና ክሬሙ በሩብ ቢጨምር የኬኩ ወጪ በ100 ብር ገደማ ያድጋል። የሚተርፈው 600 ይሆንና መመለሻው ወደ 175 ኬክ ይርቃል። አዲሱን ኦቨን ለማሠራት ብለው ኬኩን በ1,500 ቢሸጡትም ውጤቱ ያው ነው። እንዲያውም ይብሳል፤ ቅናሹ የሚነካው አሥሩን አዳዲስ ኬኮች ብቻ ሳይሆን ነባሮቹን 24ም ነውና በወር 2,400 ብር ከነበረው ገቢዎ ይቀንሳል። ስለዚህ ኦቨን በተገዛ ማግስት ዋጋ አይቀንሱ።

በእቁብ ለመግዛት ካሰቡ ከመመለሻው ቁጥር ሌላ አንድ ቁጥር ያስፈልግዎታል፤ በየወሩ የሚጣለውን ብር የሚሸፍን ኬክ። የ12 ሰው እቁብ ሆኖ በወር 9,500 ብር ቢጥሉ ሲደርስዎ 114,000 ይሆናል፣ ልክ የሚፈለገው ነው። እዚህ ላይ የምናየው ጥሬ ገንዘብን ስለሆነና ለራስዎ ደመወዝ ስለማይከፍሉ ጉልበት ያልተቀነሰበትን 900 ብር እንጠቀማለን። 9,500 ለ900 ሲካፈል በወር 11 ተጨማሪ ኬክ ነው። በጥር ይሞላል፣ በዐቢይ ጾም አይሞላም፤ ያን ጊዜ የሚጣለው ብር የሚወጣው ለቤት አስቤዛ ከሚያውሉት ከ24ቱ ትርፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ዕጣ ከወጣልዎ ያለ ወለድ እንደተበደሩ ይቆጠራል። መጨረሻ ላይ ከሆነ ግን ዓመቱን ሙሉ እየጣሉ ኦቨኑ በዓመቱ ማለቂያ 96,000 ብር ላይ ላይጠብቅዎት ይችላል። ተቀማጭ ሆኖ ከሚያረጅ ብር ይልቅ ዕጣ መለዋወጥ የሚፈቅድ እቁብ ይሻላል። በብድር ከሆነ ደግሞ ጠቅላላ ወለዱን በ105,000ው ላይ ደምረው እንደገና ለ700 ያካፍሉ።

የምመክረው ይህንን ነው። ኦቨኑን አሁን አይግዙ። ለሁለት ወር፣ ከተቻለ አንዱ በዓል የሌለበት ሆኖ፣ የመለሱትን እያንዳንዱን ትዕዛዝ በደብተር ይመዝግቡ፤ ቀኑን፣ ኪሎውንና የመለሱበትን ምክንያት። ምክንያቱ ላይ ለራስዎ አይዋሹ። «ኦቨን አልደረሰም» የሚባለው ዋዜማ ቢጋገር እንኳ የማይቻል ከነበረ ብቻ ነው። «ፍሪጅ ሞላ»፣ «እጄ አልደረሰም»፣ «ዋጋ አልተስማማንም» በየራሳቸው ይጻፉ። በኦቨኑ ምክንያት ብቻ የተመለሰው በወር በአማካይ 9 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 150ው ኬክ በ18 ወር ውስጥ ይሞላልና ይግዙ። ከ18 ወር በላይ የሚጠይቅ ከሆነ እኔ አልገባበትም። እስከዚያ ድረስ የጥሬ ዕቃው ዋጋ ተቀይሮ ዛሬ የሠራነው ሒሳብ እንዳለ አይቆይም፣ የኦቨኑም ዋስትና ያበቃል።

ቁጥሩ ከ4 እስከ 8 ከሆነ የሚስማማዎት ሌላ ዕቃ ነው። ፋን ያለው፣ 60 ሊትር አካባቢ የሚይዝ፣ 2.6 ኪሎዋት ገደማ የሆነ የጠረጴዛ ኦቨን ይፈልጉ። 12 አምፔር ያህል ስለሚስብ ጤነኛ ሶኬት ይችለዋል፣ አዲስ መስመርም አይጠይቅም። ሁለት ኬክ ባንዴ ያወጣል። መጋገሪያውና ማስጫኛው ሁሉ ተደምሮ 42,000 ብር ቢፈጅ መመለሻው 60 ኬክ ነው። አሮጌውንም አይሽጡት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ በበዓል ዋዜማ ሦስት ይጋግራሉ። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ በተለያየ የብሬከር መስመር ላይ ሲሰኩ ነው፤ በአንድ መስመር ከሆኑ ብሬከሩ ይወርዳል።

ከ4 በታች ከሆነ ምንም ኦቨን አይግዙ። ቴርሞሜትሩን፣ ሁለት ተጨማሪ መጋገሪያና የሐሙስ ማታ መጋገርን ይሞክሩ፤ ደብተሩ «ፍሪጅ ሞላ» በሚል የተሞላ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ስሌት በኦቨኑ ፈንታ በፍሪጅ ዋጋ ይድገሙት።

የትኛውንም ቢገዙ ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ይሰካልዎ። በ170 ዲግሪ አሙቀው ለግማሽ ሰዓት ያህል የራስዎን ቴርሞሜትር ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱ ጎን እያዘዋወሩ ያንብቡ። በማዕዘኖቹ መካከል ከ15 ዲግሪ በላይ ልዩነት ካሳየ፣ ወይም የበሩ ላስቲክ ላይ ወረቀት አድርገው በሩን ዘግተው ሲስቡት ሳይያዝ ሾልኮ ከወጣ፣ ሌላ እንዲያመጡልዎ ይጠይቁ። የማሞቂያው ሽቦና ቴርሞስታቱ ለየብቻ መለዋወጫቸው የሚገኝ መሆኑንም በዋስትናው ወረቀት ላይ ያጽፉ።